የጎረቤቴ ውሻ ጉባኤ ገባ

ለአንድ ጉባኤ አጽሕሮተ ጥናት የላክሁ ዕለት አጽሕሮቱ ራሱ አላስጨነቀኝም፤ በተፈቀደው 250 ቃል ውስጥ አስገብቼው ነበር። ያስጨነቀኝ አብሮት የሚሄደው ኢሜይል ነው። ፋይል ብቻ ወርውሮ ዝም ማለት ነውር መሰለኝና «ክቡራን አዘጋጆች ሆይ» ብዬ ጀመርሁ። ለጉባኤው ያለኝን አክብሮት፣ ጥናቱን ያሰብሁበትን ሌሊት፣ አማካሪዬ የተናገሩትን መልካም ቃል ሁሉ ጨመርሁበት። ስቆጥረው 412 ቃል ሆነ። ሚዜው ከሙሽራው ቁመት በልጧል።

መመሪያው ኢሜይሉ ውስጥ እንዲጻፍ የጠየቀው አራት ነገር ብቻ ነበር፦ ርዕስ፣ የአቅራቢው ስም፣ የዘርፍ ቁጥር እና ገለጻው በቃል ይሁን በፖስተር። በ412 ቃል ውስጥ ሦስቱን ብቻ አግኝቻለሁ። ፖስተር የምትል አንዲት ቃል የምትገባበት ቦታ አጣች!

የባሰው ግን ፋይሉ ነው። ግምገማው በስውር ስለሚካሄድ ስሜ ኢሜይሉ ላይ እንጂ ፒዲኤፉ ላይ መታየት የለበትም። ኢሜይሉን የሚያነቡት አዘጋጆቹ ናቸው፤ ፋይሉ ግን በቀጥታ ወደ ገምጋሚዎች ይሄዳል። እኔም ስሜን ከርዕሱ ሥር አጠፋሁና ኮራሁ። አጽሕሮቱን የጻፍሁት ግን አንድ አሮጌ የዎርድ ፋይል ከፍቼ፣ የነበረውን ጽሑፍ ደምስሼ ነበር። ጽሑፉ ቢደመሰስም የፋይሉ መረጃ አልተነካም፤ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር የጸሐፊውም ስም፣ የድሮውም ርዕስ አብረው ተሻገሩ።

በማግስቱ መልስ መጣ። «ፋይልዎ ሲከፈት በመስኮቱ አናት ላይ ‹ስለ ጎረቤቴ ውሻ ጩኸት የቀረበ አቤቱታ› የሚል ይነበባል። የጸሐፊው ስምም በፋይሉ መረጃ ውስጥ አለ። እባክዎ አስተካክለው እስከ ነገ ይላኩልን።»

ፊቴ ጋለ። ዎርድ ውስጥ Inspect Document የሚለውን ከፍቼ የግል መረጃውን ሁሉ አስወገድሁ፤ ትክክለኛውን ርዕስ ጻፍሁበት፤ እንደገና ወደ ፒዲኤፍ ቀየርሁት። የፋይሉን መጠሪያ ሳይ ደግሞ ስሜ እዚያም ከነአባቴ ተቀምጧል። እርሱንም በዘርፉ ቁጥርና በአጭር ርዕስ ተካሁት። ከዚያ የምልከውን ፋይል ራሴው ከፍቼ የመስኮቱን አናት አየሁ፤ ውሻው የለም።

ሁለተኛው ኢሜይል እንዲህ ነበር፦

«ለጉባኤው አዘጋጆች፣
የተስተካከለውን አጽሕሮተ ጥናት አያይዤ ልኬያለሁ። ርዕሱ፣ የዘርፍ ቁጥሩና የአቅራቢው ስም ከዚህ በታች ሰፍረዋል። የአቀራረብ ምርጫዬ ፖስተር ነው።
ከአክብሮት ጋር»

ይቅርታ የሚጠይቅ ሦስት አንቀጽ ጽፌ ነበር፤ ከመላኬ በፊት አጠፋሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳቸው ደረሰኝ።

«ደርሶናል። ለመሆኑ ውሻው ዝም አለ?»