ርዕሱ የተቀደደ ኖታ ስትፈልጉ ኪውን መጨረሻ ላይ እዩት

ይሄን የምጽፈው ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ነው፣ ተናድጄም ነው መሰለኝ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፣ ተማሪ ቤት የሙዚቃ ክበብ ይዣለሁ፣ እና ድሮ ማርሽ ባንድ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩ አንድ ጋሼ የኖታ ፎልደራቸውን "ልጆቹ ይማሩበት" ብለው ሰጡኝ። ከውስጡ አንዱ ወረቀት ከላይ በኩል ተቀዷል፣ ርዕሱ የለም፣ የደራሲው ስም የለም፣ በግራ በኩል የሚጻፈው የመሳሪያው ስምም አብሮ ሄዷል። ጋሼን ስጠይቃቸው "ቀስ ያለች ናት፣ ሰው ታስለቅሳለች" አሉኝ፣ እሳቸው ባሪቶን ነበር የሚነፉት፣ ይሄ የማን ፓርት እንደሆነ አያውቁም።

የቀረው ይሄ ነው። አንድ ፍላት፣ 4/4፣ መጀመሪያ ላይ የ6 ባር ዝምታ፣ ከዛ ዜማው ይገባል። የወረቀቱ ግርጌ ላይ አንዳንዴ አሳታሚዎች የሚያትሙት ቁጥር አለ፣ ካለ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ፣ እኔ ጋ ያለው በእጅ የተገለበጠ ስለሆነ የለም። አንድ ፍላት ማለት ኪው ወይ ኤፍ ሜጀር ነው ወይ ዲ ማይነር። ዜማው ኤፍ ላይ ያርፋል፣ ሲ ሻርፕ አንድም ቦታ የለም፣ ስለዚህ ኤፍ ሜጀር። እስከዚህ ቀላል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያቃጠለኝ። ሙዚቃ ተምሬያለሁ የሚል ሰው ጋ ደወልኩ፣ "ኪውን ያዝ፣ ታይም ሲግኔቸሩን ያዝ፣ ኤፍ ሜጀር 4/4 ዝግ ያለ ብለህ ዝርዝር ውስጥ ግባ፣ ይወጣልሃል" አለኝ። የማስተማሪያ ጽሑፎቹም እንደዛው ነው የሚሉት፣ መጀመሪያ ኪ፣ ከዛ ታይም፣ ከዛ የመጀመሪያ ባሮች። እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን የምሠራ ሰው ነኝ፣ ኢንተርኔት በሚመጣበት ሰዓት እየጠበቅኩ ኤፍ ሜጀር የሆነ ሲምፎኒ፣ ኤፍ ሜጀር የሆነ ሶናታ፣ ኤፍ ሜጀር የሆነ ሮማንስ እያልኩ ከፈትኩ ዘጋሁ፣ አንዱም አይደለም። አሁን ስለገባኝ ልንገራችሁ፣ በዚህ መንገድ ሺህ ዓመት ብፈልግ አላገኘውም ነበር፣ ምክንያቱም ኪው በሦስት ቦታ ነው የሚዋሸው።

አንደኛ፣ የነፋስ መሳሪያ ፓርት ላይ የተጻፈው ኪ የሚሰማው ኪ አይደለም። ታዲያ የመሳሪያው ስም ተቀዶ መሳሪያው ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? በዝቅተኛው ኖታ። ገጹ መጨረሻ አካባቢ፣ ዜማው ለሌላ ተሰጥቶ ይሄኛው አጃቢ ሲሆን፣ ከአምስቱ መስመር በታች ሦስት አጫጭር መስመር ተጨምሮ ከሦስተኛውም ስር የተቀመጠ ኖታ አለ፣ ኢ ነው። ትራምፔት በተለመደው አጨዋወት ከኤፍ ሻርፕ በታች አይወርድም፣ ሳክስፎን ደግሞ በጽሑፍ ቢ ፍላት ላይ ይቆማል፣ እሱም ከዚህ ኢ በጣም ከፍ ያለ ነው። እዛ ድረስ የሚወርድ ክላርኔት ነው። ባንድ ውስጥ አብዛኛው ክላርኔት ቢ ፍላት ነው፣ ቢ ፍላት ክላርኔት ደግሞ ወረቀቱ ላይ ኤፍ ሜጀር ያለው በጆሮ ኢ ፍላት ሜጀር ሆኖ ነው የሚወጣው፣ አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ብሎ። ስለዚህ ኤፍ ሜጀር ብዬ የፈለግኩት በሙሉ ገደል ገባ።

ሁለተኛ፣ ኢ ፍላት ብዬ ብፈልግም አይወጣም፣ ምክንያቱም ለባንድ የሚያዘጋጀው ሰው ለነፋስ መሳሪያ የሚመች ኪ ይመርጣል፣ ከደራሲው ኪ ጋ ምንም ውል የለውም። ሦስተኛው ከሁሉም የባሰ ነው፣ ካታሎግ ላይ የሚጻፈው የሙሉው ሥራ ኪ ነው፣ የመካከለኛው ክፍል ኪ ሌላ ሊሆን ይችላል። የእኔው ጉድ ሲወጣ ሙሉው ሥራ ኢ ማይነር፣ ይህ ክፍል ዲ ፍላት ሜጀር፣ የባንዱ ዝግጅት በጆሮ ኢ ፍላት፣ ወረቀቱ ላይ ኤፍ። አራት ኪ! እስቲ በየትኛው ነው የምትፈልጉት?

በመሃል ደግሞ የቢሮው ነገር አለ፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ስለ ባህል ሙዚቃ ያውቃሉ የተባሉ ባለሙያ አንድ መሥሪያ ቤት አሉ ተብዬ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ፣ ኪቦርድ ላይ የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች ተጫወትኩላቸው። ገና ሳልጨርስ "ይሄማ ትዝታ ነው፣ የጎጃም ጥንታዊ ዜማ ነው፣ ፈረንጅ ጽፎት ነው" ብለው ፎርም አወጡ። እውነት ለመናገር የሚያሳስት ነው። በዶ ሬ ሚ ብናወርደው አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ ሚ ሶል ሶል፣ ሚ ሬ ዶ፣ ሬ ሚ ሶል ሚ ሬ። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ፋ እና ሲ የሉትም፣ እነዚህ ባሮች ውስጥም የሉም፣ ይቺ ሲ የዶ ሬ ሚዋ ሰባተኛ ናት እንጂ የፊደሏ ሲ አይደለችም። ማሲንቆ ላይ ብትሞክሩት ቁጭ ይላል፣ አዝማሪ ግጥም ቢያስገባበት ማንም አይጠረጥርም።

ግን ከአራቱ ባር በኋላ የሚመጣውን ስሙት፦ ላ ዶ ዶ፣ ሲ ሶል ላ። ሲ መጣ! እዚህ ላይ ትዝታ አለቀ። ይህን ስነግራቸው ሰውየው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "ሲ እዚያ መተላለፊያ ናት፣ አትቆጠርም።" መተላለፊያ ኖታ ከጎረቤት መጥቶ ወደ ቀጣዩ ጎረቤት ነው የሚሄደው፣ ደረጃ በደረጃ። ይቺ ሲ ግን ምት ላይ ነው የምትወድቀው፣ ከዛ ላን ዘላ ሶል ላይ ነው የምታርፈው። እንዲህ አይነት መተላለፊያ የለም። "አንተ ልጅ ባህልህን አታውቅም" ተብዬ ወጣሁ፣ ፎርሙ ላይ ደራሲው የማይታወቅ የጎጃም ባህላዊ ዜማ ተብሎ ተመዘገበ፣ ካገኘሁት በኋላም ማስረጃ ይዤ ተመልሼ ነበር፣ "የተመዘገበ አይሰረዝም" አሉኝ። ይኸው እስከዛሬ እንደዛ ነው። ስለዚህ ምክሬ፣ ቅኝት ለመለየት አራት ባር አይበቃም፣ ዜማው ሁለተኛውን ሐሳብ እስኪጀምር ጠብቁ፣ ቢሮ የምትሄዱት ደግሞ ካወቃችሁ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም።

ወደ ፍለጋው። ኪው የሚዋሽ ከሆነ የማይዋሸው ምንድነው? ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ያለው አካሄድ ነው። ዜማው ኤፍ ላይ ይጻፍ ዲ ፍላት ላይ፣ የሚወጣበትና የሚወርድበት አይቀየርም። ፓርሰንስ ኮድ የሚባል አለ፣ የመጀመሪያው ኖታ ኮከብ ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ኖታ ከፊተኛው ከፍ ካለ U፣ ዝቅ ካለ D፣ ከተደገመ R። በቃ፣ ኖታ በደንብ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይሠራዋል። የእኔ ወረቀት ላይ ኤ ሲ ሲ፣ ኤ ጂ ኤፍ፣ ጂ ኤ ሲ ኤ ጂ ነው የሚለው። ከኤ ወደ ሲ ወጣ፣ ሲ ተደገመ፣ ወደ ኤ ወረደ፣ ወደ ጂ ወረደ፣ ወደ ኤፍ ወረደ፣ ከዛ ሦስቴ ወጣ፣ ሁለቴ ወረደ፦

```
*URDDDUUUDD
```

ይህን Musipedia የሚባል ዜማ የሚፈለግበት ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት። አምስት ስድስት ኖታ ብቻ ስታስገቡ ዓለም በሙሉ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ቢያንስ አስር አካባቢ አድርጉት፣ የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥም የላይኛውን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ አንድ በአንድ ዘፍናችሁ አስተያዩ። ኔት ለሌለው ደግሞ ባርሎውና ሞርገንስተርን በ1948 ያወጡት የዜማ መዝገብ አለ፣ 10,000 ገደማ ዜማ የያዘ፣ መጨረሻው ላይ ባለው ማውጫ ሁሉንም ወደ ሲ አዙረው ኖታዎቹን በፊደል ተራ ነው የደረደሩት። እዛ ውስጥ የእኔን የምትፈልጉት ኤፍ ብላችሁ ሳይሆን E G G E D C ብላችሁ ነው።

ምን ሆኖ ተገኘ? የድቮርዣክ "ከአዲሱ ዓለም" የሚባለው ሲምፎኒ፣ ሁለተኛው ክፍል፣ ላርጎ። ቼክ ሰው ነው፣ ኒውዮርክ ኮንሰርቫቶሪ ዳይሬክተር ሆኖ በነበረበት ጊዜ በ1893 የጻፈው። እዚህ ላይም ግን ወጥመድ አለ፣ ፍለጋው ላይ ያው ዜማ በእንግሊዝኛ ግጥም "የጥቁር አሜሪካውያን ባህላዊ መዝሙር" ተብሎም ይመጣል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ግጥሙን ተማሪው የነበረው ፊሸር በ1922 ነው ዜማው ላይ የጨመረበት። እዛም የሆነ ቢሮ ሳይመዘግበው አይቀርም።

ስም ተገኘ ብላችሁ ደግሞ አትተኙ፣ አረጋግጡ። ሙሉ ስኮሩን ነፃ አውርጄ ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዋናው ላይ ዜማውን የሚጫወተው ኢንግሊሽ ሆርን ነው፣ የሚገባውም ሰባተኛው ባር ላይ ነው፣ ከሱ በፊት የናስ መሳሪያዎቹ ከባድ ኮርድና ጸጥ ያሉት ክሮች አሉ። የእኔ ክላርኔት ከመግባቱ በፊት ስንት ባር ዝም ይላል? ስድስት። የባንዱ አዘጋጅ መግቢያውን ሳይቆርጥ የኢንግሊሽ ሆርኑን ሶሎ ለክላርኔት ነው የሰጠው። ላ ዶ ዶ፣ ሲ ሶል ላም ያለችበት ቦታ ላይ ናት። ያ የዝምታ ቁጥር ከኪውም ከ4/4ቱም በላይ ነው የጠቀመኝ፣ ማንም ግን እሱን ቁጠር አላለኝም። 4/4 እንደሆነ ሦስት ሩብ የሆነውን ከማስወጣት ያለፈ ሥራ አልሠራም።

ይሄው ነገር ለሚገጥማችሁ አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስኮሩን ስትፈልጉ በድሮ እትሞችና በድሮ ሸክላዎች ላይ ይህ ሲምፎኒ 5ኛ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ አሁን 9ኛ ነው የሚባለው፣ አንድ ሥራ ነው። ቁጥሩን ትታችሁ ኦፐስ 95 ብላችሁ ፈልጉ።