የሁለት ሰዓት ትምህርት ለአምስት ደቂቃ እረፍት፦ የአሲዳማ አፈር ማስታወሻዬን እንዴት እንደከፋፈልኩት

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በግብርና ሥራ ላይ ሆነን ቅዳሜና እሁድ የምንማር ሰዎች ትምህርቱን በስልክ ቀድተን መያዝ ልማድ ሆኖልናል። ቅጂው ሁለት ሰዓት ገደማ ይረዝማል፤ በሥራ ቀን የምናገኘው የጥናት ጊዜ ግን አርሶ አደሮች ለስብሰባ እስኪሰባሰቡ ወይም መኪና እስኪመጣ ያለችው አምስት ደቂቃ ናት። ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ አጠቃቀም የተሰጠንን ረጅም ትምህርት ለዚህች አምስት ደቂቃ በሚመጥን መጠን እየከፋፈልኩ ስለቆየሁ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። የጎዛምንንና የማቻከልን አፈር ለምታውቁ ባልደረቦቼ ይዘቱ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ትኩረቴ ግን አከፋፈሉ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ቅጂውን በሰዓት እንቆርጠዋለን፤ አሥር ደቂቃ ከሰማን በኋላ ያንን በአንድ ገጽ አጠቃለን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። እኔ የቁራጩን ወሰን የምወስነው በሚመልሰው ጥያቄ ነው። አንድ ቁራጭ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል፤ መልሱም ሌላ ገጽ ሳይገለጥ ሙሉ መሆን አለበት። መምህሩ ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ፣ ለሌላው ሃያ ደቂቃ ሊወስዱ ስለሚችሉ የቅጂው ርዝመትና የቁራጮቹ ብዛት አብረው አይሄዱም። ከዚህ ትምህርት የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ያህል መግቢያ ስለነበር ከእሱ የወጣልኝ አንድ ቁራጭ ብቻ ሲሆን፣ ከ41:20 እስከ 55:00 ያለው ክፍል ግን አምስት ቁራጭ ሰጥቶኛል።

የቁራጩን ርዝመት የሚወስነው አምስት ደቂቃው ራሱ እንዴት እንደሚያልፍ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ጥያቄውን ብቻ አንብቤ መልሱን እንደሸፈንኩ ከአእምሮዬ ለማውጣት እሞክራለሁ። ቀጥሎ መልሱን ገልጬ ከራሴ ጋር አመሳክራለሁ፤ ከዚያም እንደገና ሸፍኜ የጎደለኝን ብቻ በእርሳስ እጽፋለሁ። ለንባብ የሚተርፈው ከሁለት ደቂቃ ስለማይበልጥ፣ መልሱ በእጅ ጽሑፍ ከግማሽ የደብተር ገጽ፣ ማለትም ከስምንት መስመር ያህል ማለፍ የለበትም። ያለፈ እንደሆነ ፊደሉን አላሳንስም፤ ጥያቄውን ለሁለት እከፍለዋለሁ።

ሸፍኖ መሞከሩን ጊዜ አጠረ ብሎ መዝለል አይገባም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉት ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ አስታውሰው ነበር፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በለጧቸው። እኛም የምንፈተነውም ሆነ አርሶ አደሩ ፊት የምንቆመው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ቁራጩ ለንባብ ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም የሚመች ሆኖ መዘጋጀት አለበት።

ቅጂውን መጀመሪያ ስሰማ ማስታወሻ አልጽፍም። ፍጥነቱን ትንሽ ጨምሬ እየሰማሁ መምህሩ ሐሳብ በቀየሩ ቁጥር በስልኩ ላይ የሚታየውን ደቂቃና ሰከንድ ብቻ እመዘግባለሁ። መታጠፊያው በድምፅ ይታወቃል፤ መምህራችን «እንግዲህ» ብለው ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ሰሌዳው ሲጠረግ፣ ወይም ተማሪ ጥያቄ ሲያነሳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሐሳብ ተዘግቶ ሌላው ሊከፈት ነው። የተማሪ ጥያቄ በተለይ ዋጋ አለው፤ ብዙ ጊዜ የቁራጩን ርእስ ተዘጋጅቶ የምናገኘው ከዚያ ነው። በሁለተኛው ዙር በሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ሰምቼ መጀመሪያ ጥያቄውን፣ ከዚያ መልሱን እጽፋለሁ። ጥያቄው አልጻፍ ካለኝ ያ ክፍል ገና አልገባኝም ማለት ነው፤ ወይም መምህሩ ቀደም ሲል ያሉትን እየደገሙ ነው፤ የተደገመው ከሆነ እተወዋለሁ።

ከ41:20 የሚጀምረውን ክፍል በምሳሌነት ልውሰድ። መምህራችን በአንድ ትንፋሽ ስለ አሉሚኒየም፣ ስለ ፎስፈረስ፣ ስለ ኖራና ስለ ስሌቱ ያስረዳሉ፤ ሲሰሙት አንድ ወጥ ታሪክ ይመስላል። በጥያቄ ሲታይ ግን የመጀመሪያው ቁራጭ የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ ሥሩን የሚጎዳው ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልሱም አሲድነቱ ሲጨምር አሉሚኒየም በአፈሩ ውኃ ውስጥ ሟምቶ የሥሩን ጫፍ እንደሚያቀጭጭና ሥሩ ወደ ታች መዝለቅ እንደሚሳነው የሚገልጽ ነው። ሦስተኛው ኖራ ይህንን አሉሚኒየም እንዴት ከጥቅም ውጭ እንደሚያደርገው ይጠይቃል። ሁለተኛውን ግን ደብተሬ ላይ እንዳለ ልጻፈው፤ መጠኑን በዓይናችሁ እንድታዩት ነው።

ጥያቄ፦ በአሲዳማ አፈር ላይ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ቢጨመርም ሰብሉ የፎስፈረስ እጥረት የሚያሳየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በአሲዳማ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም በብዛት ይገኛሉ። ከማዳበሪያው የሚሟማው ፎስፈረስ ከእነዚህ ጋር ተጣብቆ ይያዛል፤ ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ነገር ግን ሥሩ ሊወስደው በማይችል መልክ ነው። በአሉሚኒየም የቀጨጨ ሥር ደግሞ ርቆ ሄዶ የቀረውን ፎስፈረስ አይፈልግም። ስለዚህ ማዳበሪያ መጨመር ብቻውን ችግሩን አይፈታም፤ አሲድነቱ መቀነስ አለበት። 44:05።

መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር የቅጂው ደቂቃና ሰከንድ ነው። ጽሑፌ ያልገባኝ ቀን ያችን ቦታ ብቻ ከፍቼ እሰማለሁ። በመልሱ ውስጥ «በአሉሚኒየም የቀጨጨ ሥር» ብዬ መጻፌንም ልብ በሉልኝ። መምህሩ ያሉት «ያ ሥር ደግሞ» ነበር፤ ቀደም ያለውን ለሰማ ሰው ይበቃል፣ ይህን ቁራጭ ብቻ መኪና ሲጠብቅ ለሚያነብ ሰው ግን «ያ» ማለት ምንም አይነግረውም። ከረጅም ትምህርት ተቆርጦ የወጣ ማስታወሻ በብዛት የሚበላሸው በእንዲህ ዓይነት ቃላት ነው፤ ስለዚህ «ይህ»፣ «እሱ»፣ «ከላይ እንዳልነው» የሚሉትን አንድ በአንድ ፈልጌ በስማቸው እተካቸዋለሁ።

ከሁሉም የከበደው ስሌቱ ነው፤ ምክንያቱም ስሌት መሀሉ ላይ ሲቆረጥ ሁለቱም ወገን ትርጉም ያጣል። የሚቆረጠው ራሱን የቻለ ውጤት የተገኘበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። በዚህ ትምህርት እንዲህ ያለው ቦታ የአንድ ሄክታር አፈር ክብደት ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ኖራው የሚቀላቀልበት ጥልቀት 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 1,500 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል፤ ባልክ ዴንሲቲ የምንለው የአፈሩ እፍግታ በሜትር ኩብ 1.2 ቶን ከሆነ ክብደቱ 1,800 ቶን ወይም 1,800,000 ኪሎ ግራም ይመጣል። አራተኛው ቁራጭ እዚህ ላይ ያበቃል።

አምስተኛው ከዚያ ውጤት ይነሳል፤ ስለዚህ በአናቱ ላይ አንዲት የማገናኛ መስመር አለችው፦ «የአንድ ሄክታር አፈር ክብደት 1,800,000 ኪሎ ግራም ተብሎ ይወሰድ።» በላቦራቶሪ የተለካው ተለዋዋጭ አሲድነት በኪሎ ግራም አፈር 1.5 ሴንቲሞል ቢሆን፣ በክብደቱ ሲባዛ 2,700,000 ሴንቲሞል ወይም 27,000 ሞል አሲድ ይሆናል። አንድ ሞል አሲድን ለማርከስ 50 ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መልሱ 1,350,000 ግራም፣ ማለትም በሄክታር 1,350 ኪሎ ግራም ኖራ ነው። ለሰብሉ ዓይነትና ለኖራው ጥራት የሚደረገው ማስተካከያ የራሱ ጥያቄ ስላለው ሌላ ቁራጭ ውስጥ ገብቷል።

መምህራችን በሰሌዳ ላይ የሠሩት ምሳሌ አሲድነቱን 2 ሴንቲሞል አድርጎ ነበር። ያ ምሳሌ ለክፍል ጥሩ ነው፤ ለአጭር ቁራጭ ግን አይመችም፤ ምክንያቱም የአፈሩ ክብደት 1,800 ቶን፣ የኖራው መጠን ደግሞ 1,800 ኪሎ ግራም ሆኖ ሁለቱ ቁጥሮች ይገጥማሉ። በችኮላ የሚያጠና ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ቢያስቀምጥ ስሕተቱ አይታየውም። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ 1.5 ለወጥኩት። ምሳሌ ወደ ቁራጭ ሲገባ መካከለኛው ውጤትና የመጨረሻው ውጤት የተለያየ ቁጥር እንዲሆኑ ማድረግ ትልቅ ጥቅም አለው።

ቁራጩ ልክ መሆን አለመሆኑን የማውቀው ቅደም ተከተሉን አዘበራርቄ ሳወጣው ነው። በተራ ሲጠና መልሱ የሚታወሰው «ከፎስፈረሱ ቀጥሎ ያለው» ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ ሲዘበራረቅ ይህ ድጋፍ ይጠፋል። አምስቱ ደቂቃ አልቆ መልሱን ገና እያመሳከርኩ ከሆነ ቁራጩ ረዝሟል። ሌላ ቁራጭ ካላየሁ የማልመልስ ከሆነ የማገናኛ መስመር ጎድሎታል። በሁለት ደቂቃ ጨርሼ ምንም ሳልቸገር የማልፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትርጓሜ ብቻ የያዘ ስለሆነ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል። ለስሌቱ ቁራጭ ከጀርባው የተለወጠ ጥያቄ ጽፌለታለሁ፦ አሲድነቱ 0.8 ቢሆንስ? መልሱ 720 ኪሎ ግራም ነው። 1,350 የሚለውን በቃሉ የያዘ ሰው ሊመልሰው አይችልም፤ መንገዱን የያዘ ግን ይመልሰዋል።

ለአምስት ደቂቃ የማይገዛም ይዘት አለ። ከ1:12:00 ጀምሮ መምህራችን የፒኤችን መጨመርና የአሉሚኒየምን መቀነስ በአንድ ሥዕላዊ መግለጫ ላይ እያነጻጸሩ ያስረዳሉ። የመግለጫው ቁም ነገር ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚገኝ በመሆኑ ከፋፍዬ አልጻፍኩትም፤ ለቅዳሜ ማታ ረጅም ጥናት ሙሉውን ትቼዋለሁ፤ በቁራጮቹ መካከልም «መግለጫውን ከአእምሮህ ሣል» የምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ አስገብቻለሁ። ስለ አፈር ናሙና አወሳሰድ ያለው የመጨረሻው ክፍል ደግሞ የእጅ ሥራ ነው፤ እሱን በሥራው ቅደም ተከተል ጽፌ ማሳ ላይ ናሙና ልንወስድ ስንል ከመቆፈራችን በፊት ባለችው አምስት ደቂቃ እንዲነበብ እያዘጋጀሁት ነው።