የብድሩ መጠን ስንት ነው?

ሰኞ ጠዋት ለ14 ሰዎች አንድ ኢሜይል ላክኩ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ «የሁለቱን ክፍሎች ሲነርጂ ሌቨሬጅ በማድረግ የቅሬታ አያያዛችንን ወደ ላቀ ደረጃ ለማሸጋገር በዚህ ሳምንት ተች ቤዝ ብናደርግ መልካም ነው።» ሦስቱን ቃላት ሳልተረጉም የተውኳቸው ከስንፍና አይደለም። ልተረጉማቸው ስሞክር ነው ጉዴ የፈላው።

ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስህተት ፍለጋ። አራተኛ ጊዜ ያነበብኩት ግን ስለወደድኩት ነው።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስድስት ሰዎች «እስማማለሁ» ብለው መለሱ። አንዷ እንዲያውም «ወቅታዊ ሐሳብ ነው» ብላለች። ሰባተኛው መልስ ከሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ መጣ። ጋሼ እንላቸዋለን። ኢሜይል አይወዱም፤ ከጻፉም እያንዳንዱ ቃል ከደመወዛቸው የሚቆረጥ ይመስል ቆጥበው ነው። ለ14ቱም ሰው በሚታየው መልሳቸው ላይ የሰፈረው ይኸው ነበር፦

«የብድሩ መጠን ስንት ነው? መያዣውስ?»

የምን ብድር? ኢሜይሌን ደግሜ ከፈትኩ። ብድር የሚል ቃል የለበትም። ምናልባት ለሌላ ሰው የጻፉት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናንቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። ወዲያው «ብድር የለም» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መሥሪያ ቤቱ ሊበደር መሆኑ ታወቀ። ከምሳ በኋላ ሕንፃው መያዣ ሊሆን መሆኑ ተሰማ። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ደረጃው ላይ አስቁሞኝ ብድሩ የሠራተኛ ደመወዝ ለመክፈል እንደሆነ ሹክ አለኝ፤ ለእኔ፣ ለወሬዋ እናት። ከሾፌሮቹ አንዱ መኪኖቹ ይሸጡ እንደሆነ ጠየቀኝና እሱ የሚነዳትን እንዳላስነካበት ተማጸነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ የጥበቃው ሠራተኛ ቦርሳዬን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ከፈተሸ በኋላ፣ በሐዘኔታ፣ «አይዞሽ፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም» አለኝ። በአንድ ግስ መሥሪያ ቤት ያከሰረ ሰው ከእኔ በፊት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

በማግሥቱ በማለዳ የጋሼን በር አንኳኳሁ። ተቀመጪ እንኳ ሳይሉኝ ያገለገለ ወረቀት ገልብጠው መጻፍ ጀመሩ።

«ሌቨሬጅ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ይኸውልሽ። የራስሽ 100 አለሽ። 400 ተበደርሽ። በ500ው ንብረት ገዛሽ። የንብረቱ ዋጋ በመቶ አሥር ቢጨምር 50 አተረፍሽ፤ ወለዱን ለጊዜው ተይው። ይህ 50 ከራስሽ ገንዘብ ጋር ሲተያይ ግማሹ ነው። ዋጋው በመቶ አሥር ቢወርድስ?»

«50 እከስራለሁ።»

«ከራስሽ 100 ላይ ግማሹ ሄደ። ብድሩ ትርፉንም ኪሳራውንም አምስት እጥፍ አደረገው። ሌቨሬጅ ማለት ይህ ነው። ቃሉ ማንሻ ከሚለው የመጣ ነው፤ በትንሽ ጉልበት ትልቅ ድንጋይ የምትፈነቅይበት። እና የኛ ብድር ስንት ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ መጠቀም ለማለት ነው።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «መጠቀም ለማለት መጠቀም አይባልም?»

ይባላል። በእንግሊዝኛውም ሦስት ፊደል ብቻ ያለው ተራ ቃል አለ፤ እኔ የመረጥኩት ስምንት ፊደል ያለውን ነው። በኋላ እንዳየሁት የብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ የአጻጻፍ መመሪያ ጸሐፊዎቹን ከሚያስጠነቅቅባቸው ቃላት አንዱ ይኸው ሌቨሬጅ ነው፤ የሚፈቅደው ስለ ገንዘብ ሲወራ ብቻ ነው። ያው መመሪያ «ቁልፍ» የሚለውን ቅጽል በር ለማይከፍት ነገር አትጠቀሙ ይላል፤ የሚነዳውም ተሽከርካሪ እንጂ ዕቅድ አይደለም ይላል። መመሪያውን ጋሼ የጻፉት ቢመስለኝ አይፈረድብኝም።

«እሺ» አሉ፤ «ምኑን ነው የምንጠቀመው?»

«ሲነርጂውን።»

«እሱስ ምንድን ነው?»

ቃሉን ስጽፈው አውቀው ነበር። ሲጠይቁኝ ግን ከአእምሮዬ ወጥቶ ሄደ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር እያየሁ፣ ከግሪክኛ የመጣ፣ አብሮ መሥራት ማለት እንደሆነ ለማስታወስ ቻልኩ። ሐኪሞች ሁለት መድኃኒቶች አብረው ሲወሰዱ ለየብቻ ከሚሰጡት ውጤት ድምር የበለጠ ውጤት ሲያመጡ ሲነርጂ አለ እንደሚሉ ነገርኳቸው። ኩባንያዎች ሲዋሐዱ ደግሞ 2 ሲደመር 2 አምስት ይሆናል ይባላል አልኩ። ይህን ለሒሳብ ሠራተኛ መናገር አልነበረብኝም።

«እኛ ክፍል ውስጥ 2 ሲደመር 2 አምስት ከሆነ ኦዲተር ነው የሚጠራው» አሉ። «አምስተኛው ከየት ነው የሚመጣው? እሱን ንገሪኝ።»

የጋሼ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ሌቨሬጅን በሌላ ቃል መተካት ቀላል ነው፤ «መጠቀም» ብለህ ታልፋለህ። ሲነርጂን ግን በምንም ቃል ብተካው «ትብብር» «ቅንጅት» «መደጋገፍ» ይሆንና ያው ጉም እንደ ጉም ይቀራል። የሚተካው በቃል ሳይሆን በመልስ ነው፦ ማን፣ ከማን ጋር፣ ምን ይሠራል፣ ተለይተው ቢሠሩ የማያገኙት ምን ያገኛሉ? መልስ ካለ መልሱ ይጻፋል። ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ይሰረዛል።

እኔ ደግሞ መልስ ነበረኝ፤ ያፈርኩበት መልስ። ክፍላችን ውስጥ ያልተለዩ 400 የቅሬታ ቅጾች ተከምረዋል። ቅጾቹን የምንለየው እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን፤ አንድ ሰው በቀን 50 ያህል ይጨርሳል። ስለዚህ አራት ቀን ያስፈልገናል፤ ያለን ደግሞ ሁለት ቀን ነው። የፈለግኩት የመዝገብ ክፍል ሁለት ሰዎቹን ለሁለት ቀን እንዲሰጠን ነበር። አራት ሰው፣ በቀን 200፣ በሁለት ቀን 400። አምስተኛ የሚባል ነገር የለም። 2 ሲደመር 2 አራት ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ሰው አውሱኝ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ለሁለት ቀን። ከዚያ ትመልሻለሽ።»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ ብድር ማለቴ ምን ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

መልስ አልነበረኝም። እነሆ ዛሬም የለኝም።

እዚህ ላይ ስለ ስድስቱ ተስማሚዎች አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በምን ነበር የተስማሙት? ወደ ወንበሬ ስመለስ አንዱን ጠየቅኩት። «በሐሳቡ» አለኝ። የቱ ሐሳብ? «ያው ያነሳሽው።» ሌላዋ ሲነርጂ አዲሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም መስሏት ሥልጠናው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀችኝ። ጋሼ ግን በመጠየቃቸው ብቻ ሰኞ ቀኑን ሙሉ «ኋላ ቀር» ሲባሉ ውለዋል። የገባው የመሰለው ዝም ሲል ያልገባው ይጠይቃል፤ የሚሳቅበትም የጠየቀው ነው። ይህ ያናድደኛል፤ የሳቅኩት አንዷ እኔ መሆኔ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

ተች ቤዝም፣ በአጭሩ እንገናኝና እንነጋገር ለማለት የጻፍኩት፣ የራሱን ጥፋት አድርሷል። ከ14ቱ ሰዎች ሁለቱ ሰኞ ዕለት ስልክ ደውለውልኛል፤ ምን እንደምንነጋገር ግን እኔም እነሱም አላወቅንም። አንዱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ «ይኸው መጣሁ» ብሎ ቆመ። የመዝገብ ክፍል ኃላፊዋ፣ ዋናዋ ተፈላጊ፣ ስብሰባ ነው ብላ ተረድታ ጥሪው እስኪመጣላት ስትጠብቅ ዋለች። ሐረጉ የቤዝቦል ነው ይባላል፤ በዚያ ጨዋታ ሯጩ በየማዕዘኑ ያለውን ቤዝ መንካት አለበት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም 1908 ፍሬድ መርክል የተባለ የ19 ዓመት ተጫዋች፣ ቡድኑ የኒው ዮርኩ ጃይንትስ ያሸነፈ መስሎት፣ ተመልካቹ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ሁለተኛውን ቤዝ ሳይነካ ወደ መልበሻ ክፍል አመራ። ተጋጣሚው የቺካጎ ቡድን ኳሷን ቤዙ ላይ አድርሶ ዳኛው ሯጩን አስወጣው፤ የማሸነፊያው ነጥብ ተሰረዘ፣ ጨዋታው በአቻ ተመዘገበ፣ በኋላ ሲደገምም ጃይንትስ ተሸነፈ። መርክል ዕድሜ ልኩን በዚያች አንዲት ቤዝ ሲሰደብ ኖረ። ቢያንስ እሱ ቤዙ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። የእኔ 14 ሰዎች ቤዙ ስልክ ይሁን፣ ክፍል ይሁን፣ ጠረጴዛ ይሁን ማን ነገራቸው?

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኢሜይሉን እንደገና ጻፍኩት፤ ለ14 ሳይሆን ለአንድ ሰው፦ «ያልተለዩ 400 የቅሬታ ቅጾች አሉብን። እስከ ሐሙስ ማታ መጨረስ አለብን። ከክፍልዎ ሁለት ሰዎች ረቡዕና ሐሙስ ሙሉ ቀን ቅጾቹን በመለየት እንዲያግዙን እጠይቃለሁ። ይቻል እንደሆነና እንዳልሆነ ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት በዚሁ ኢሜይል ቢያሳውቁኝ።» ለጋሼ ግልባጭ አደረግኩላቸው፤ ስሜን ከባንክ ጋር ያያያዘው ወሬ እንዲጠፋልኝ።

ይህኛውን ከፍቼ እንደገና አላነበብኩትም። የሚያኮራ ነገር የለበትም። ራቁቱን የቆመ ልመና ነው። ሲነርጂ ያልኩትም ለዚህ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ልመናዬን ካባ አልብሼው ነበር። ካባው ያለበት ኢሜይል ስድስት «እስማማለሁ» አመጣልኝ እንጂ አንድም ሰው አላመጣልኝም። ራቁቱ በ11 ደቂቃ ውስጥ መልስ አገኘ፦

«ሁለት አይቻልም። አንድ ሰው፣ ሐሙስ ብቻ። በምትኩ በሚቀጥለው ወር ቆጠራ ስናደርግ አንድ ሰው ለሁለት ቀን ትሰጡናላችሁ።»

ስሌቱን ሠራሁት። ረቡዕ 100፣ ሐሙስ 150፤ የሐሙሱ ቀነ ገደብ አለፈ። ዓርብ ደግሞ 100። ሃምሳ ቅጾች ይተርፉኛል፤ ቅዳሜዬም አብሯቸው ሄደ። ቢሆንም ከምንም ይሻላል፤ «ተስማምቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ልጽፍ ጣቴን ሳነሳ ሌላ መልስ ቀድሞኝ ገባ። ጋሼ ናቸው፤ በልማዳቸው አጭር፣ በልማዳቸው ለሁሉም። የሰኞዎቹን 14 ሰዎች ከየት እንዳመጧቸው አላውቅም፣ ግን ሁሉም ተጨምረዋል።

«አንድ ቀን ተበድራ ሁለት ትመልሳለች። ወለዱ መቶ በመቶ ነው።»