የመመለሻው ቴርሞሜትር 58 ሲያሳይ

80 ክፍሎች ያሉት አንድ ሆቴል የጠራኝ በሙቅ ውሃ ቅሬታ ነበር። በሕንፃው ጫፍ ያሉ እንግዶች ጠዋት ሻወር ከፍተው ሙቅ ውሃ እስኪመጣ ብዙ ደቂቃ ይጠብቁ ነበር። እኔም የተጠራቀመው ውሃ አንሶ ነው ብዬ ደመደምሁ፤ ከነባሩ ባለ 2,000 ሊትር ታንከር ጎንም በመጠን እኩል የሆነ ሁለተኛ ታንከር እንዲተከል አደረግሁ። ይህን የወሰንሁት ሳላሰላ ነው፤ ሲጎድል ከሚቸግር ቢተርፍ ይሻላል የሚለው ልማድ በውስጤ ስለነበር።

ከወራት በኋላ በመደበኛ ምርመራ ከጫፍ ክፍሎች ሻወርና ከሁለተኛው ታንከር ማፍሰሻ በተወሰደው ናሙና ውስጥ የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ተገኘ። የታመመ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ባክቴሪያው ጉዳት የሚያደርሰው ከሻወር በሚበተነው ደቃቅ ርጭት ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ሲገባ ስለሆነ፣ ከጫፍ ክፍሎቹ ጋር በአንድ የቧንቧ መስመር ላይ ያሉት ክፍሎች በዚያው ቀን ተዘጉ።

የሆቴሉ ባለሙያዎች በየቀኑ የሚመዘግቡት የዋናውን መመለሻ ቧንቧ ሙቀት ብቻ ነበር። ቴርሞሜትሩ 58 ዲግሪ ስለሚያሳይ፣ በ60 ዲግሪ የሚወጣው ውሃ ሕንፃውን ዞሮ ሙቀቱን ሳያጣ የሚመለስ ይመስል ነበር። አብሮኝ ይሠራ የነበረው የቧንቧ ባለሙያ ግን አራቱ መመለሻ መስመሮች ከሚገናኙበት ቦታ ቆሞ በየተራ ሲዳስሳቸው አራተኛው ላይ እጁን ሳያነሳ ቆየ፤ «ኢንጂነር፣ ይህኛው እጅ አያቃጥልም፤ እርስዎም ይንኩት» አለኝ። በየመስመሩ ቴርሞሜትር ስናደርግ ሁለቱ ቅርብ መስመሮች 59፣ ሦስተኛው 56፣ አራተኛው 41 ዲግሪ አሳዩ። ሌጂዮኔላ በተለይ የሚራባው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ስለሆነ፣ የአራተኛው መስመር ውሃ ሌሊቱን ሁሉ ለባክቴሪያው ተመችቶ ያድር ነበር።

ሰርኩሌሽን ፓምፑ በሰዓት 1,500 ሊትር ያህል ይገፋ ነበር። የሚያስፈልገውን ስናሰላው ግን የሚዞረው ቧንቧ በጠቅላላ 240 ሜትር፣ ሙቀት መከላከያ ሽፋን ለብሶ በየሜትሩ የሚያጣው ሙቀት 10 ዋት ገደማ፣ በድምሩ 2,400 ዋት ነው። ውሃው ከ60 ወጥቶ በ55 ዲግሪ እንዲመለስ ከተፈለገ፣ ይህን ሙቀት ለመተካት በሰዓት 410 ሊትር ያህል ይበቃል። የጎደለው ፍሰት ሳይሆን ክፍፍሉ ነበር። ውሃ ተቃውሞ በሚያንስበት መንገድ ስለሚሄድ፣ ቅርቦቹ መስመሮች ፍሰቱን ከሞላ ጎደል ወሰዱት፤ ለአራተኛው የደረሰው በሰዓት 30 ሊትር እንኳ የማይሞላ ነው። የእርሱ ቀዝቃዛ ውሃም ከብዙው ሙቅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል በዋናው ቴርሞሜትር ላይ ጨርሶ አይታይም። እንግዶቹን ያስጠበቃቸውም ይኸው በመስመሩ ውስጥ የቀዘቀዘው ውሃ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የታንከሩን ስሌት የሠራሁት። በጣም በሚበዛበት ሰዓት 60 ሰዎች እያንዳንዳቸው 50 ሊትር 40 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ቢጠቀሙ 3,000 ሊትር ይሆናል። ቀዝቃዛው 15 ዲግሪ ከሆነ፣ ከዚህ ውስጥ በ60 ዲግሪ የሚያስፈልገው 1,670 ሊትር ገደማ ነው። 50 ኪሎዋት የነበረው ቦይለር በዚያው ሰዓት 950 ሊትር ያህል ያሞቃል፤ ከታንከር የሚፈለገው 720 ሊትር ነው። ከታንከር ውሃ ሳይቀዘቅዝ ሊወጣ የሚችለው 70 በመቶው ብቻ ነው ብንል እንኳ ከ1,000 ሊትር ብዙም አይበልጥም። ነባሩ ታንከር ብቻውን ከበቂ በላይ ነበር። እኔ ያስጨመርሁት ታንከር የቧንቧ መንገዱ ስለሚረዝም ውሃ እምብዛም አያልፍበትም ነበር፤ ከላይ 60 ዲግሪ ሲሆን ከታች 36 ነበር፤ ደለልም የሚጠራቀመው እዚያው ነው። አደጋውን ያመጣሁት በዚህ ውሳኔዬ ነው፤ ለሆቴሉም ይህንኑ በጽሑፍ አሳወቅሁ።

ሁለተኛው ታንከር የመግቢያና የመውጫ ቧንቧዎቹ ተቆርጠው ወጣ፤ ቫልቭ ዘግቶ መተው በውስጡ የቆመ ውሃ ማቆየት ስለሆነ አልተቀበልሁትም። በነባሩ ታንከር ላይ በሌሊት የላይኛውን ውሃ ወደ ታች የሚያዞር ትንሽ ፓምፕ ተተከለ፤ እንግዳ ውሃ በማይጠቀምበት ሰዓትም የታችኛው ክፍል 60 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት እንዲቆይ ተደረገ። በአራቱ መመለሻዎች ላይ ማመጣጠኛ ቫልቭ ገጥመን፣ ሁሉም ወደ 55 ዲግሪ እስኪቀራረቡ ድረስ ቅርቦቹን ጥቂት በጥቂት አጠበብናቸው። 60 ዲግሪ ውሃ ቆዳን በጥቂት ሰከንዶች ስለሚያቃጥል፣ ቀዝቃዛና ሙቅ የሚቀላቅለው ቫልቭ እዚያው ሻወሩ አጠገብ ተገጠመ፤ ለብ ያለ ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ አጭር መሆን አለበትና። ከዚያም የተዘጉት ክፍሎች ቧንቧዎች በ70 ዲግሪ ውሃ ታጠቡ።

የሆቴሉ አስተዳደር ናሙናው በማግስቱ እንዲወሰድ ጠይቆ ነበር። ከእጥበት በኋላ ወዲያው የሚወሰድ ናሙና ንጹሕ መምሰሉ ስለማይቀር፣ መስመሩ በተለመደው ሁኔታ ለጥቂት ቀናት እስኪሠራ እንዲታገሡ ለመንሁ፤ የላቦራቶሪ ማራባቱም እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ ክፍሎቹ ተከፈቱ። የዕለት መዝገቡ ከዚያ ወዲህ አንድ ሳይሆን አምስት ቁጥር ይይዛል፤ የአራቱ መመለሻዎችና የታንከሩ የታችኛው ክፍል ሙቀት።