መብራት ሲመጣ የተነሳው ሰርቨር

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ ሰርቨሮቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ሁለት ሰርቨር አቁሞ «አንዱ ቢወድቅ ሌላው አለ» ብሎ በሰላም ለሚተኛ ሰው ነው። እኔም እንደዚያ ስተኛ ኖሬያለሁ። ሁለት ሰርቨር በአንድ ጊዜ «ዋና ነኝ» ስለሚልበት ብልሽት፣ ስለ ስፕሊት ብሬን፣ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ግን የትልልቅ ባንኮች ጣጣ ይመስለኝ ነበር።

አደረጃጀታችን ቀላል ነው። ዋናው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሰርቨር ደብረ ብርሃን ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ተጠባባቂው ጣርማበርን ወርዶ ደብረ ሲና ቅርንጫፍ ውስጥ ተቀምጧል። ዋናው የጻፈውን ለውጥ ሁሉ በመስመር ይልክለታል፤ ተጠባባቂው ይቀበላል፣ በራሱ ላይ ይደግማል፣ ከማንም ግን አዲስ ጽሑፍ አይቀበልም። ይህን ለማቆም አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ፤ በሰላሙ ጊዜም አንድም ቀን አላስቸገረኝ።

ነሐሴ ላይ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ከ10 ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ባትሪው በብርዱ ደክሞ አልነሳ አለ። ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ለ25 ደቂቃ ያህል ይዞት ቆየና ተሸነፈ፤ ሰርቨሩም በወጉ ሳይዘጋ ቀጥ አለ። እኔ ጨለማ ቢሮ ውስጥ ላፕቶፔን በስልኬ ኢንተርኔት አገናኝቼ ደብረ ሲና ያለው ተጠባባቂ ላይ ገባሁና ይህን ጠየቅሁት፦

```
SELECT pg_is_in_recovery(),
       pg_last_wal_receive_lsn(),
       pg_last_wal_replay_lsn(),
       pg_last_xact_replay_timestamp();
```

የተቀበለውና የደገመው ቦታ እኩል ነው፤ የመጨረሻው ግብይት ሰዓት 09:34 ይላል፣ ማለትም በእኛ 3 ሰዓት ከ34። የመጨረሻው የወረቀት ደረሰኝም ያው ነው። የጠፋ ነገር የለም። 4 ሰዓት ላይ `SELECT pg_promote();` አልኩት፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ዋና ሆነ። ከዚያ ለሰባቱ ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ስልክ ደውዬ የሰርቨሩን አድራሻ አስቀየርኩ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሥራ ጀምሯል። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

እስካሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ያ ቡና ነው። ሁለት ነገር ሳላደርግ ነው የወጣሁት። የዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች መብራት ስለሌላቸው አድራሻቸውን አልቀየርኩም፤ «ሲመጣ እቀይራለሁ» አልኩ። የሞተውን ሰርቨርም አልነካሁትም። ለምን እነካዋለሁ? ሞቷል።

6 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት መጣ። ሰርቨሩ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ በዚያ ዝግጅት እኮራበት ነበር፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ቢመጣ ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ ያደረግሁት ራሴ ነኝ። ፖስትግሬሱም ከማሽኑ ጋር እንዲነሳ ተመዝግቧል። ተነሳ፣ ያልተዘጋውን መዝገብ አስተካከለ፣ ከዚያም ጠዋት የነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ፦ ዋና ነኝ ብሎ። ደብረ ሲና ላይ ሌላ መሾሙን የነገረው የለም፤ የሚነግረውም አካል አልነበረም። የዋናው መሥሪያ ቤት ገንዘብ ተቀባዮችም ኮምፒውተራቸውን ከፍተው፣ በለመዱት አድራሻ ገብተው ደንበኛ ማስተናገድ ጀመሩ። ስህተት የሚል መልእክት አንድም ሰው ፊት አልወጣም። ብልሽቱ ድምፅ የለውም፤ ሁለቱም ወገን በደስታ ይሠራል።

8 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ከአንዱ ቅርንጫፍ ገንዘብ ተቀባይዋ ደወለች። «ወንድሜ፣ እዚህ አንድ ሰው ከዋናው ቢሮ አሁን ገንዘብ አስገብቼ መጣሁ ይላል፤ ደረሰኝም ይዟል። እኔ ጋ አይታይም።» የደረሰኙን ቁጥር አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። «ይኸው ቁጥር እኮ እኔ ጋ በሌላ ሰው ስም አለ» አለች። እጄ ቀዘቀዘ።

ሁለቱም ላይ ገብቼ `pg_is_in_recovery()` ጠየቅሁ፤ ሁለቱም `f` አሉ። ተጠባባቂ ቢሆን `t` ነበር የሚለው። አንድ ዙፋን፣ ሁለት ንጉሥ። ሰው ባይደውል እንኳ ይህን ጥያቄ በየደቂቃው የሚጠይቅ ትንሽ ስክሪፕት ቢኖረኝ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አውቀው ነበር። ዛሬ አለኝ።

የደረሰኝ ቁጥሮቹ ለምን ከመጀመሪያው እንደተጋጩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፖስትግሬስ ተከታታይ ቁጥር ሲሰጥ እያንዳንዱን በመዝገቡ አይጽፍም፤ 32 ያህል ወደፊት ዘሎ አንዴ ይጽፍና ከዚያ ውስጥ እየቆረጠ ይሰጣል። ሰርቨር በድንገት ሲሞት ወይም ተጠባባቂ ሲሾም ቆጠራው የሚቀጥለው ከተጻፈው ላይ ነው። የእኛ የመጨረሻ ደረሰኝ 48210 ነበር። ደብረ ሲና ጠዋት ሲሾም ከ48237 ጀመረ፤ የሞተው ሲነሳም ያንኑ መዝገብ አንብቦ ከ48237 ጀመረ። ስለዚህ ዋናው ቢሮ ከሰዓት የሰጣቸው 38 ደረሰኞች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ቅርንጫፎቹ ቀድመው ለሌላ ሰው የሰጧቸው ቁጥሮች ናቸው። ተጠባባቂ ከተሾመ በኋላ ቁጥር ሲዘል አይታችሁ «ደረሰኝ ጠፋ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ቁጥር ሲደገም ግን ደንግጡ።

ወዲያው አሮጌውን ማቆም ነበረብኝ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «ሰልፍ ሞልቶ እንዴት ይዘጋል? ሁለቱንም አዋህዳቸው እንጂ!» አለኝ። ሁለት ዳታቤዝ እንደ ሁለት እንስራ ጠላ የሚገለባበጥ መስሎታል። ስንከራከር 12 ደቂቃ አለፈ፤ በዚያ 12 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሌላ ደረሰኝ ይቆረጣል። አሁን ቢሆን አልጠይቀውም፣ ዘግቼ ነው የምነግረው።

ካቆምኩት በኋላ ሁለተኛውን ጥፋት ልሠራ ተቃርቤ ነበር። በሥልጠና የተሰጠን ወረቀት «ከሹመት በኋላ አሮጌውን በ`pg_rewind` መልሰህ ተጠባባቂ አድርገው» ይላል። ትክክል ነው፤ ግን መሣሪያው የሚያደርገው አሮጌው ከተለያዩበት ነጥብ ወዲህ የጻፈውን ጥሎ የአዲሱን መገልበጥ ነው። ወረቀቱ ይህን አይልም። ደግነቱ መጀመሪያ በ`--dry-run` ሞከርኩት፤ `servers diverged at WAL location` የሚል መስመር ወጣ። ይህን ሳነብ ነው ከዚያ ነጥብ ወዲህ ያለው የ38 ሰው ገንዘብ መሆኑ የታየኝ። ኢንተር ብዬው ቢሆን ኖሮ 38 ሰው ማህተም ያለበት ደረሰኝ ይዞ፣ እኛ ጋ ምንም ሳይኖር ይቀር ነበር።

ስለዚህ የአሮጌውን የዳታ ማህደር እንዳለ በውጭ ዲስክ ቀዳሁ። ቅጂውን ያው የፖስትግሬስ እትም ባለው፣ ኔትወርኩ በተነቀለ ላፕቶፕ ላይ በ5433 ፖርት አስነሳሁና ከ6 ሰዓት ተኩል ወዲህ የተጻፈውን ሁሉ አወጣሁ። እውነተኛ ነው ብለን የያዝነው የደብረ ሲናውን ነው፤ 61 ግብይት ነበረው። የዋናውን ቢሮ 38 ከወረቀት ቀሪው ጋር እያመሳከርን፣ ከሁለት ገንዘብ ተቀባዮች ጋር ሆነን፣ በአዲስ ቁጥር በእጅ መልሰን አስገባን። ማታ 4 ሰዓት ሆነ።

ከ38ቱ 37ቱ ጉልበት ብቻ ነው የጠየቁት። አንዱ ግን ማስተካከያ የለውም። የባልና ሚስት የጋራ ደብተር ነው፤ ቀሪው 18,400 ብር። ሚስት ቅርንጫፍ ሄዳ 6,000 አወጣች፤ ደብረ ሲና 12,400 ቀረ አለ። ባል ከሰዓት ዋናው ቢሮ መጥቶ 15,000 አወጣ፤ አሮጌው 3,400 ቀረ አለ። ሁለቱም ሰርቨር በራሱ ሂሳብ ልክ ነው። ሁለቱን ስንደምር ደብተሩ 2,600 ብር ከዜሮ በታች ሆነ። ሰዎቹ ጨዋ ስለሆኑ በሳምንቱ መለሱ፤ ባይመልሱ ግን ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእነሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌን ገለበጥኩት። መጀመሪያ መግደል፣ ቀጥሎ መሾም። ፒንግ አልመለሰም ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ሁለት ሰርቨር ብቻ ሲኖር አንዱ «ጓደኛዬ ሞተ» እና «መሐላችን ያለው መስመር ተቆረጠ» የሚለውን መለየት አይችልም። አንድ ለአንድ ስለሆኑ አብላጫ ድምፅ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ሄዶ የኃይል ገመዱን ካልነቀለ `pg_promote()` አልልም። ባዮሱ ላይም መብራት ሲመጣ ጠፍቶ እንዲቆይ አደረግሁት። በሁለቱም ማሽን ላይ `/etc/postgresql/15/main/start.conf` ውስጥ ያለውን `auto` ቀይሬ ይህን ጻፍኩ፦

```
manual
```

ይህ ማለት ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ እኔ እነሳለሁ ማለት ነው። ይሁን።

አሠልጣኙ በስክሪፕት ራሱ እንዲሾም ማድረግ ይሻላል ይል ነበር። እኔ በሁለት ሰርቨር ላይ አልስማማም። ሦስተኛ ድምፅ ሰጪ፣ አንድ ሌላ ቦታ ላይ ያለ ትንሽ ማሽንም ቢሆን፣ እስካልተገኘ ድረስ ያ ስክሪፕት የሚያደርገው የእኔን ስህተት በፍጥነት መሥራት ነው። በግንኙነት አድራሻው ላይ ሁለቱንም ሰርቨር ጽፎ `target_session_attrs=read-write` ማለትም አያድንም፤ ሁለቱም የሚጽፉ ከሆኑ በዝርዝሩ ቀድሞ የተጻፈው ጋ ይገባል፣ ቀድሞ የሚጻፈው ደግሞ አሮጌው ነው።

በሰባተኛው ወር የዋናው ሰርቨር የዲስክ መቆጣጠሪያ በእውነት ተበላሸ፤ ያኔ እኔ ሸዋ ሮቢት ነበርኩ። ለጥበቃው ደወልኩ። «ጋሼ፣ ከሰርቨሩ ክፍል ገብተው የትልቁን ጥቁር ማሽን ገመድ ይንቀሉልኝ።» ገባና «ነቅያለሁ ልጄ» አለኝ። ልሾም ስል አንድ ነገር ከነከነኝና «ማራገቢያው ይጮኻል?» አልኩት። «ኧረ ይጮኻል፤ አረንጓዴ መብራትም አለው።» ማሽኑ ከጀርባው ሁለት የኃይል ሳጥን አለው፤ አንዱ ቢነቀል በሌላው ይሠራል። ሁለተኛውንም ነቀለው፤ ማራገቢያው ሲቆም በስልክ ሰማሁት። የመጨረሻውን ግብይት ሰዓት አየሁ፣ ሾምኩ፣ በዚህ ጊዜ የዋናውን ቢሮ ኮምፒውተሮች ከሁሉ አስቀድሜ አስቀየርኩ። ከተበላሸበት እስከ መጀመሪያው ደረሰኝ 22 ደቂቃ ፈጀ፤ ከዚያ 9ኙ ጥበቃው ቁልፍ ሲፈልግ ነው።

ሥራ አስኪያጁ 22 ደቂቃ በዛ ብሎ በስብሰባ ላይ አነሳው። የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ትርፍ ቅጂ ለጥበቃው እንዲሰጥ ጠየቅሁ፤ ማመልከቻው እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።