ግማሽ ግማሽ

የአዳማ ሙቀት ዛሬ ከሰዓት በኋላ እጅና እግር የሚያስር ዓይነት ነው። ፀሐይዋ ከደመና ገባ ወጣ ባለች ቁጥር ጣሪያው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ቆርቆሮው መርዘም ይፈልጋል፣ ምስማሩ አይለቀውም። ሆዱ የባሰው ሰው በቆርቆሮም ይተክዛል። ግራ ቀኝ ስለተያዙ ነገሮች ሳሰላስል የተማሪዬ የመ. አባባል መጣብኝ፦ «ጋሼ፣ ግድግዳው ሁለት አይደል እንዴ? ግማሽ ግማሽ ይደርሳቸዋላ!»

ጥያቄው የታወቀው ነው። 900 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የብረት ዘንግ በሁለት ግትር ግድግዳዎች መካከል ተጋድሞ ግራው ከኤ፣ ቀኙ ከቢ ጋር ተይዟል። የውፍረቱ ስፋት 500 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የብረቱ ኢላስቲክ ሞጁለስ 200 ጊጋ ፓስካል። ከኤ 300 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ 60 ኪሎ ኒውተን የሆነ ኃይል በዘንጉ አቅጣጫ ወደ ቢ ይጎትተዋል። እያንዳንዱ ግድግዳ ስንት ይሸከማል?

ስታቲክስ የሚሰጠን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሁለቱ ድምር 60 ነው። 30 እና 30 ይሆናል፤ 50 እና 10ም ይሆናል፤ 60 እና ባዶም ይሆናል። አንዳንዱ ተማሪ እዚህ ሲደርስ በኤ ዙሪያ ሞመንት ልውሰድ ይላል። ኃይሎቹ በሙሉ በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ የሚያገኘው ዜሮ እኩል ይሆናል ዜሮ ነው። ሁለተኛውን እኩልታ መፈለግ ያለብን ከኃይል ሳይሆን ከርዝመት ነው፦ ግድግዳዎቹ ካልተነቃነቁ የዘንጉ ጠቅላላ ርዝመት አይለወጥም።

እኔ የምወደው መንገድ ግድግዳ ቢን በሐሳብ ማንሳት ነው። ቢ የለም እንበል። 60ው ኪሎ ኒውተን የሚለጥጠው ከኤ እስከ ኃይሉ ያለውን 300 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የቀረው 600 አይለጠጥም፣ ዝም ብሎ ተከትሎ ይሄዳል። ከታች P ኃይሉ፣ a 300ው፣ L 900ው፣ A የውፍረቱ ስፋት፣ E ሞጁለሱ፣ δ የጫፉ መውጣት፣ R_A እና R_B ግድግዳዎቹ የሚሸከሙት ነው።

```
δ   = P·a/(A·E) = 60000·300/(500·200000) = 0.18 mm
R_B = δ·A·E/L   = 0.18·500·200000/900    = 20000 N
R_A = 60 − 20   = 40 kN
```

ነፃው ጫፍ 0.18 ሚሊ ሜትር ወጣ። አሁን ቢን እንመልሰውና ጫፉን ወደ ቦታው እንዲገፋው እናድርግ። ይህ ግፊት የሚያምቀው ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ 900ውን በሙሉ ነው። ስለዚህ ቢ 20፣ ኤ 40።

የሚበላሸውም እነዚህ ሁለት ርዝመቶች ላይ ነው። በመጀመሪያው እርምጃ 900 የጻፈ ሰው ጫፉ 0.54 ወጣ ይልና ቢን 60፣ ኤን ባዶ ያደርገዋል። ለኃይሉ የቀረበው ግድግዳ ምንም አልያዘም ማለት ነው፤ ይሄ ወዲያው ያስነቃል። በሁለተኛው እርምጃ 600 የጻፈው ግን 30 ያገኛል፣ ቆንጆ ግማሽ ግማሽ፣ ምንም አያስነቃም። ሦስት መቶውን አራት መቶ ብናደርገው ያው ስሕተት 48 ይሰጠው ነበር፣ ያን ጊዜ ይጠራጠራል። ቁጥር ሲመርጡ መጠንቀቅ ነው እንግዲህ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኃይሉ ያረፈበት ነጥብ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ከግራም ከቀኝም ማስላት። ከግራ 40 ኪሎ ኒውተን 300 ሚሊ ሜትሩን 0.12 ይለጥጠዋል። ከቀኝ 20 ኪሎ ኒውተን 600ውን 0.12 ያምቀዋል። አንድ ናቸው። ባይሆኑ ኖሮ ብረቱ እዚያ ነጥብ ላይ ወይ ተበጥሷል ወይ ተደራርቧል።

አጭሩ ክፍል ለምን እጥፍ ያዘ? ሁለቱም እኩል 0.12 መንቀሳቀስ ግዴታቸው ነው፤ አጭሩን ያን ያህል ማንቀሳቀስ ግን እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ጭነቱ የሚሄደው ግትሩ ወዳለበት ነው። ውጤቱ ሁለት ጫፉ ላይ ከተደገፈ ተራ ቢም ጋር ስለሚመሳሰል፣ ኃይሉን በሩቁ ርቀት አባዝቶ ለጠቅላላ ርዝመት ማካፈልን ሸምድዶ የሚሄድ ብዙ ነው። ቢሙ ያን ያገኘው ከሞመንት ነው፣ ዘንጉ ከመለጠጥ። ረጅሙን ክፍል ብቻ ወፍራም አድርገን 1000 ካሬ ሚሊ ሜትር ብንሰጠው ሁለቱ ክፍሎች እኩል ግትር ይሆኑና መልሱ 30 እና 30 ይሆናል። የተሸመደደው ቀመር ግን አሁንም 40 እና 20 ይላል።

ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ የክፍተቱ ነገር ነው። ዘንጉ ከኤ ጋር ተበይዶ ከቢ ጋር ግን 0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖረው፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ጫፉ ከሚወጣው 0.18 ውስጥ 0.1ው በነፃ ያልፋል። ቢ የሚመልሰው 0.08ን ብቻ ነው፤ ምላሹ ወደ 8.9 ይወርዳል፣ ኤ ወደ 51.1 ይወጣል። በኤ በኩል ያለው ስትሬስ ከ80 ወደ 102 ሜጋ ፓስካል ዘለለ ማለት ነው። ክፍተቱ ከ0.18 ካለፈ ቢ ጌጥ ነው፤ ሁሉም የኤ ዕዳ ይሆናል። በየዳ ቤት ሰው «ገጥሟል፣ ነክቷል» ሲል በዓይን አይቶ ነው። ፊለር ጌጅ አስገብቶ ካላየው፣ ክፍተቱንም በቀጭን ቆርቆሮ ካልሞላው፣ ወረቀት ላይ ያለው 20 ወረቀት ላይ ይቀራል።

ደግሞ ግድግዳው ራሱስ? በኪሎ ኒውተን 0.003 ሚሊ ሜትር የሚሸሽ ግድግዳ እናስብ፣ ሁለቱም ወገን እንደዚያ። አጭሩ ክፍል በኪሎ ኒውተን 0.003፣ ረጅሙ 0.006 ነው የሚለወጠው። የግድግዳውን ስንደምርበት በኤ በኩል 0.006፣ በቢ በኩል 0.009 ይሆናል፤ 60ው 36 እና 24 ሆኖ ይከፈላል። ግድግዳው አሥር እጥፍ ልል ቢሆን 0.033 እና 0.036፤ ክፍያው ወደ 31.3 እና 28.7 ይመጣል። እየላላ በሄደ ቁጥር የዘንጉ ርዝመት ከቁጥር አይገባም፣ እና... ግማሽ ግማሽ።

ይህን ካየሁ ወዲህ «ግትር ግድግዳ» የሚለውን መጻፍ ያሳፍረኛል። ግድግዳው ከአጭሩ ክፍል አሥር እጥፍ ከገተረ መልሱ 39.375 ይመጣል፤ ከ40 ብዙ አይርቅም፣ ስለዚህ አሥር እጥፍ ይበቃል እላለሁ። ማንም ለክቶት ለማያውቅ ግድግዳ እስከ ሦስተኛ ነጥብ ቤት የምጽፍ ጉደኛ እኔ ነኝ። ያውም ቀጥ ብሎ በልኩ የሚሸሽ ግድግዳ ካለ ነው። በቡሎን የታሰረ ሳህን መጀመሪያ ትንሽ ተንሸራቶ ከዚያ ነው የሚይዘው። ያን ጊዜ ክፍተት ነው ብዬ ላስላው፣ ወይስ ልል ግድግዳ?