«ደረሰኝ ከሌለዎት» ስል ደንቡን ለወጥኩት

ሥራ አስኪያጃችን የጻፉት ማስታወሻ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። በእንግሊዝኛ። አዲሱን የወጪ አሠራር የሚያስታውቅ ነው፤ አበል፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ ሆቴል፣ ነዳጅ፣ ደረሰኝ። የምንሠራው ጅማ፣ ቡና አዘጋጅቶ የሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው። ከእኛ መካከል ቢሮ ከሚቀመጠው መንገድ ላይ የሚውለው ይበዛል። ሹፌሮቹና ቡና ገዢዎቹ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ቦንጋ ሲሉ ነው ሳምንቱ የሚያልቀው። የድርጅቱን ገንዘብ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ማስታወሻውን ማንበብ የምንችለው ደግሞ ቢሮ የተቀመጥነው።

«በቀላል አማርኛ አድርግልኝ» አሉኝ። «ግን አንድም ደንብ እንዳይነካ።»

ከሰዓት በኋላ አደርስልዎታለሁ አልኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በደብዳቤ አማርኛ ነበር። «ለሥራ ጉዳይ ለወጣ ማንኛውም ወጪ ሕጋዊ ደረሰኝ መቅረብ ይኖርበታል» ዓይነት። ደግሜ ሳነበው ራሴን ጠየቅኩ፤ ማነው የሚያቀርበው? ለማን? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። «ሠራተኛው ያቀርባል» ብል ደግሞ ሴቶቹ ገዢዎች የሉበትም። ስለዚህ ሁሉንም በእርስዎ አደረግኩት። «ደረሰኙን ለሒሳብ ክፍል ያስረክቡ።» አጭር ነው፣ አክብሮት አለው፣ ወንድም ሴትም ያነበዋል። «ተቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ማጣጣት» የመሰለ ነገር ፈጥሬም ነበር፤ እሱንም ሰረዝኩ። እኛ ጋ ሁሉም ሰው «ማወራረድ» ነው የሚለው። ቅድሚያ ክፍያ የወሰደ ሰው ያወራርዳል፣ አለቀ።

ሁለተኛው ረቂቅ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ችግሩም እዚያው ላይ መጣ።

ማስታወሻው ውስጥ እንዲህ የሚል ደንብ አለ፦ ደረሰኝ ሊገኝ በማይችልበት ጊዜ፣ ከ200 ብር ለማይበልጥ ወጪ፣ በፊርማ የተረጋገጠ መግለጫ ይበቃል። የታሰበው ለባጃጅ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ መኪና ለሚጠብቁ ልጆች ነው። እኔ በቀላሉ «ደረሰኝ ከሌለዎት፣ እስከ 200 ብር ድረስ ላለው ወጪ ፈርመው ያቅርቡ» ብዬ ጻፍኩ። ያማረ መሰለኝ።

ረቂቁን ይዤ ግቢ ውስጥ ከመኪናው ጥላ ሥር ወደ ተቀመጠው አንጋፋ ሹፌራችን ሄድኩ። ጋሼ ነው የምንለው። ገባዎት ወይ ብዬ ብጠይቀው አዎ እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ማነው ለልጅ አልገባኝም የሚል? ስለዚህ ዝም ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁትና «ጋሼ፣ ቦንጋ ሄደው የጎማ ቤት ደረሰኝ ቢጠፋብዎት በዚህ ወረቀት መሠረት ምን ያደርጋሉ?» አልኩት።

በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ስንት ነው የጎማው?»

«150 ብር ይሁን።»

«እፈርማለኋ!» አለኝ። «ደረሰኝ ከሌለህ ፈርም ይላል። የለኝም፣ ጠፍቷል። ደግ ሰው ነው የጻፈው።»

ደጉ ሰው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛው የሚያወራው ጭራሽ ደረሰኝ ስለማይሰጥበት ነገር ነው። የእኔ አማርኛ ግን የጠፋውንም፣ የረሳውንም፣ ልቀበል ብሎ ያልጠየቀውንም አስገባ። ቃል አልተሳሳትኩም፤ ቀለል አደርጋለሁ ብዬ በሩን በረገድኩት። ሒሳብ ክፍሉ በወር መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ የጠፋ ደረሰኝ ከሹፌር ጋር ሲከራከር ታየኝ።

የመጨረሻው አጻጻፍ እንዲህ ሆነ፦ «አንዳንድ ከፋዮች ደረሰኝ የላቸውም፤ ለምሳሌ ባጃጅና ጫኝና አውራጅ። እንዲህ ላለ ወጪ፣ 200 ብር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ የተከፈለበትን ነገር ጽፈው ይፈርሙ። ደረሰኝ ተሰጥቶዎት ከጠፋብዎት ይህ ደንብ አይመለከትዎትም።» በነገራችን ላይ «ከፋዮች» ያልኩት ስህተት ነበር፤ ከፋዩ ሹፌሩ ነው። «አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች» ብዬ አረምኩት፤ ማሳሰቢያው ሰሌዳ ላይ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው። ከበፊቱ ሦስት እጥፍ ረዘመ። ቀላል አማርኛ ሁልጊዜ አጭር ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። ከዓረፍተ ነገሩ መነሳቴን ትቼ እያንዳንዱን ደንብ ወረቀት ላይ በአምስት ጥያቄ ፈታሁት፦ ማን፣ ምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ፣ ባይሆንስ? አምስቱን ከእንግሊዝኛው መመለስ ካልቻልኩ፣ ችግሩ የአማርኛ አይደለም፣ የማስታወሻው ነው።

እንዲህ ያለ ሁለት ቦታ ተገኘ።

አንደኛው የሆቴል ደንብ ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «ለአንድ ሌሊት እስከ 800 ብር፣ ዋናው ደረሰኝ ሲቀርብ፣ አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ካልተገኘ በስተቀር» ይላል። በስተቀር ምኑ? ፈቃድ ያለው ሰው ከ800 ብር በላይ ማደር ይችላል ማለት ነው ወይስ ደረሰኝ ማቅረብ አያስፈልገውም ማለት ነው? እንግሊዝኛው ሁለቱንም ይሸከማል። አማርኛ ግን አንዱን ምረጥ ይላል፤ «በስተቀር»ን የሆነ ቦታ ላይ ማሰር አለብኝ። ገምቼ ማለፍ እችል ነበር። ያኔ ግን ተርጓሚ መሆኔ ይቀርና ደንብ አውጪ እሆናለሁ። ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አየት አደረጉና «ጣሪያው ነው እንጂ! ደረሰኝማ ማን ይለቅለታል?» አሉ። እንግሊዝኛውንም በዚያው አስተካከሉት። እኔም ለየሁት። «ደረሰኝ ሁልጊዜ ያቅርቡ» ለብቻው፣ ጣሪያውና ፈቃዱ ለብቻቸው።

ሁለተኛው የቀን ቆጠራ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከተመለሱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ይወራረዳል ይላል። እኛ ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን። ሐሙስ ማታ ከቦንጋ የገባ ሹፌርን እንውሰድ። ቆጠራው ከማግሥቱ ከጀመረና ቅዳሜ ከተቆጠረ፣ ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ ሰኞ ሦስት፣ ማክሰኞ አራት፣ ረቡዕ አምስት። ቅዳሜ ካልተቆጠረ ሐሙስ ላይ ያርፋል። በአንዷ ቀን ሰው ሊቀጣ ነው። መልሱ ቅዳሜ ይቆጠራል፣ የተመለሱበት ቀን አይቆጠርም የሚል ሆነ። አማርኛው ላይ የሐሙሱን ምሳሌ እንዳለ አስገባሁት፤ ከደንቡ ይልቅ ሰው የሚያስታውሰው ምሳሌውን ነው።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ቀላል ይመስላሉ። «ከ3,000 ብር የሚበልጥ ወጪ አስቀድሞ ይፈቀድ» ይላል ዋናው። «ከ3,000 ብር በላይ» ብትል ሰው ሦስት ሺህዋን ራሷን እንዴት ያያታል? ሦስት ሰው ጠየቅኩ፤ ሁለቱ 3,000 ብሩም ማስፈቀድ ይፈልጋል አሉኝ፣ አንዱ አይ አለ። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ጻፍኩ፦ «ወጪው 3,000 ብር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማስፈቀድ አያስፈልግዎትም። ከ3,000 ብር ካለፈ፣ በአንድ ብርም ቢሆን፣ ከማውጣትዎ በፊት በጽሑፍ ያስፈቅዱ።» «እስከ» የሚለውን ቃልም ገንዘብ ላይ ከዚያ ወዲህ አልተጠቀምኩም።

ሰዓትና ቀን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ሳይታይ የሚያመልጠው እሱ ነው። ከ6:00 በፊት የተነሳ የቁርስ አበል ያገኛል የሚለው፣ ቁጥሩ እንዳለ ቢገለበጥ ኖሮ እኩለ ቀን ድረስ የተነሳ ሁሉ ቁርስ ይከፈለው ነበር። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት» ሆነ። ማስታወሻው ላይ ያለው ጁላይ 1 ደግሞ ሰኔ 24 ሆነ።

ያሳፈረችኝ ግን ሒሳብ ክፍል ያለችው ባልደረባዬ ናት። እንግሊዝኛውን አላየችም፤ ሆን ብዬ ነው ያላሳየኋት። አማርኛዬን ሰጥቼ ወደ እንግሊዝኛ መልሽልኝ አልኳት። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥን። ካልተወራረደ ገንዘቡ ከደመወዝ ይቆረጣል የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ወንድሜ፣ እዚህ ዋናው ላይ ሕግ በሚፈቅደው መሠረት ይላል። ያንተው የት ሄደ?»

«እሱማ የተለመደ ማሳመሪያ ነው ብዬ …»

«ማሳመሪያ?» የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን አነሳችብኝ፤ አዋጅ 1156/2011። ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ሹፌሩን የምትጠብቀው እኔ የዘለልኳት ሐረግ ነበረች። መለስኳት። ሲሶውንም ልጨምር ፈልጌ ነበር፣ ግን ማስታወሻው ላይ የለም። ሥራ አስኪያጁ ካልጨመሩት እኔ አልጨምርም። ጠየቅኳቸው፣ በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ገባ።

ማሳሰቢያው ተለጠፈ። የመጀመሪያው ወር ላይ ክርክር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ሹፌር በአንድ ቀን የተፈረሙ አራት የባጃጅና የጫኝ መግለጫዎች ይዞ መጣ፤ እያንዳንዳቸው 180 ብር። ሁሉም ከ200 በታች ናቸው። አንድ ላይ 720 ብር።

ሮጬ እንግሊዝኛውን አወጣሁ። 200 ብሩ ለአንድ ክፍያ ይሁን፣ ለአንድ ቀን ይሁን፣ ለአንድ ጉዞ ይሁን አይልም። «ስንት?» የሚለው ጥያቄዬ ላይ «በምን ያህል ጊዜ?» የሚል አልነበረም። ለሹፌሩ ተከፈለው፤ ወረቀቱ ይፈቅድለታል። ሥራ አስኪያጁ እስካሁን እያሰቡበት ነው፤ ሰሌዳው ላይ ከዚያች መስመር ጎን አንድ ሰው በእስክሪብቶ «በቀን?» ብሎ ጽፎባታል።